ስፌት ወይም የፀጉር ሥራ በቤት ክፍል ውስጥ፦ አራት የመድን አማራጮች ሲመዘኑ

በቤቱ ውስጥ አንድ ትርፍ ክፍል አለ። የስፌት መኪና ይገባበታል፤ ወይም መስታወት ይሰቀልበትና ወንበር ይቀመጥበታል። ብዙም ሳይቆይ ደንበኛ በሩን ማንኳኳት ይጀምራል። ቤቱ መድን የተገባለት ስለሆነ ባለሙያዋ ክፍሉም ሥራውም አብረው የተሸፈኑ ይመስላታል። የካሳ ጥያቄዎችን በመረመርኩባቸው ዓመታት ልቤን የነኩት ፋይሎች እንዲህ ያሉት ናቸው። አረቦኑ አንድም ዓመት ሳይጓደል ተከፍሏል፤ ጉዳቱም እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሉ የተጻፈው ለሌላ ዓይነት ቤት ነበር።

ስፌትና የፀጉር ሥራ ሁለቱም «በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ» ተብለው በአንድ ላይ ይጠራሉ። በመድን ዓይን ግን ይለያያሉ። የልብስ ሰፊ ትልቁ ስጋት ያለው የሌላ ሰው ንብረት እጁ ላይ በመኖሩ ነው። የፀጉር ባለሙያ ትልቁ ስጋት ያለው የሌላ ሰው ገላ ላይ በመሥራቱ ነው። ከአማራጮቹ የትኛው እንደሚበጅ የሚወስነው በዋናነት ይህ ልዩነት ነው።

## በፖሊሲው ውስጥ የሚነበቡት አንቀጾች

የተለመደው የቤት መድን ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ሕንጻውን፣ በውስጡ ያለውን የቤት ዕቃና በቤቱ ምክንያት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚመጣውን ኃላፊነት። ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ፖሊሲውን አውጥቶ አራት ቦታዎችን ይፈልግ።

የመጀመሪያው «የቤት ዕቃ» የሚለው ቃል የተተረጎመበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ለንግድ ወይም ለሙያ የሚያገለግል ዕቃን አይጨምርም። አንዳንድ ፖሊሲዎች አነስተኛ የገንዘብ ጣሪያ አስቀምጠው የሥራ መሣሪያን ይቀበላሉ፤ ያ ጣሪያ ግን ጠረጴዛና ኮምፒውተር ላለው የቤት ቢሮ የታሰበ ስለሆነ የኢንዱስትሪ ስፌት መኪናንና ኦቨርሎክን ለመተካት አይበቃም። ለሽያጭ የተዘጋጀ ልብስና የጨርቅ ክምችትም ብዙውን ጊዜ በዚህ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው የኃላፊነት ሽፋኑ የማይመለከታቸው ነገሮች ዝርዝር ነው። እዚያ ሁለት ሐረጎች ይገኛሉ፦ «ከንግድ፣ ከሥራ ወይም ከሙያ የሚመነጭ ኃላፊነት» እና «በመድን ገቢው እጅ፣ ጥበቃ ወይም ቁጥጥር ሥር ያለ የሌላ ሰው ንብረት»። የመጀመሪያው ሐረግ ሁለቱንም ሙያዎች ይመታል። ሁለተኛው በተለይ ልብስ ሰፊውን ይመታል።

ሦስተኛው የስርቆት አንቀጽ ነው። ደንበኛ የሚገባበት ቤት ከሆነ ብዙ መድን ሰጪዎች ስርቆትን የሚከፍሉት ሌባው በኃይል ሰብሮ ከገባ ብቻ ነው። ለልክ የመጣ ሰው ከመደርደሪያው ላይ ያነሳውን ስልክ ወይም ጌጣጌጥ አይከፍሉም፤ የተሰበረ በር የለምና።

አራተኛው ስለ ለውጥ የማሳወቅ ግዴታ ነው። ቤቱ «ለመኖሪያ ብቻ» ተብሎ ተመዝግቦ ከነበረና አጠቃቀሙ ከተለወጠ መድን ገቢው መናገር አለበት። ይህ ከሌሎቹ ሦስቱ የሚከብደው የሥራ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን የመኝታ ቤቱንና የጣሪያውን ሽፋን ጭምር ሊያናጋ ስለሚችል ነው።

## የምንመዝንባቸው ጥያቄዎች

አማራጮቹን በአረቦን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እጠይቃለሁ።

ይህን አማራጭ ብወስድ የቤቱ መድን ሳይናጋ ይቆማል? የሥራ መሣሪያዬና ክምችቴ ይተካሉ? እጄ ላይ ያለው የደንበኛ ንብረት ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ማን ይከፍላል? ደንበኛ ቤቴ ውስጥ ቢጎዳስ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለሁለት ይከፈላል። እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራትቶ መውደቅ አንድ ነገር ነው፤ በቀባሁት ቀለም የራስ ቆዳው መቁሰል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ከቤቱ የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ሁለተኛው ከሙያው። ሁለቱን የሚሸፍኑት አንቀጾችም የተለያዩ ናቸው።

ወጪው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

## አማራጭ አንድ፦ የቤቱን ፖሊሲ እንዳለ መተው

ይህ አማራጭ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚገባበትም ለዚህ ነው። ለቤተሰቡ ብቻ የሚሰፋ ወይም እህቱን ፀጉር የሚሠራ ሰው ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ክፍያ መቀበል ሲጀመር፣ ደንበኛ በቀጠሮ ሲመጣ፣ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ግን ነገሩ ሥራ ሆኗል።

ሳይናገሩ መቆየት የሚያስከትለው ውጤት እንደየአገሩ ሕግና እንደየውሉ ይለያያል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ከሆነ መድን ሰጪው ውሉን እንዳልነበረ ሊቆጥረው ይችላል። ባለማወቅ ወይም በቸልታ ከሆነ ደግሞ በብዙ አገሮች ካሳው በተከፈለው አረቦን ልክ ይቀነሳል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በየዓመቱ 100 ከተከፈለና መድን ሰጪው ሥራውን ቢያውቅ ኖሮ 125 ይጠይቅ ከነበረ፣ የሚከፈለው የጉዳቱ አራት አምስተኛ ብቻ ይሆናል። መድን ሰጪው ቢያውቅ ኖሮ ጨርሶ ውሉን የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ምንም ላይከፍል ይችላል።

ስለዚህ ይህ አማራጭ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ራሱ ይወድቃል። ገቢ ላለው ሥራ አልመክረውም።

## አማራጭ ሁለት፦ በቤት ፖሊሲው ላይ ተጨማሪ ውል ማስገባት

እዚህ መድን ሰጪው ሥራውን ያውቃል፤ ከፖሊሲው ጋር ተያይዞ የሚነበብ ተጨማሪ ውል በጽሑፍ ይሰጣል፤ አረቦኑም ትንሽ ከፍ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታ ይቀመጣል። ቤቱ በዋናነት መኖሪያ ሆኖ ይቀጥላል፤ የተቀጠረ ሠራተኛ አይኖርም፤ ደንበኛ የሚመጣው አልፎ አልፎ በቀጠሮ ነው፤ ክፍሉ ወደ ሱቅነት አይለወጥም።

ጥሩ የተጻፈ ተጨማሪ ውል መሣሪያን በተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል፤ ደንበኛ ተንሸራትቶ ሲወድቅ የሚመጣውን ኃላፊነትም ይይዛል። ደካማው ግን የሚለው «በቤቱ ውስጥ ሥራ መሠራቱን እናውቃለን» ብቻ ነው። ይህ የቤቱን ሽፋን ያጸናል፤ ለሥራው ግን ምንም አይጨምርም። ሁለቱን ለመለየት በተጨማሪ ውሉ ውስጥ የገንዘብ ጣሪያ መጻፉን ማየት ነው። ቁጥር ከሌለው የተገኘው ፈቃድ እንጂ ሽፋን አይደለም።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። መሣሪያው በቤት ዕቃ ውስጥ እንዲካተት ከተስማማን በኋላ አጠቃላይ የመድን መጠኑን ሳናሳድግ ከቀረን፣ ከዋጋ በታች መድን እንደገባን ይቆጠራል። የቤቱ ዕቃ 100 ያወጣል ተብሎ መድን ተገብቶለት ነበር እንበል። የስፌት መኪናዎቹና ጨርቁ ሲጨመሩ እውነተኛው ዋጋ 140 ሆነ። ከዚያ 70 የሚያወጣ ዕቃ ቢቃጠል የሚከፈለው 70 በ100 ተባዝቶ ለ140 ተካፍሎ 50 ነው። ቀሪው 20 ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል፤ የጎደለው አንድ ቁጥርን በጊዜው ማስተካከል ብቻ ነበር።

## አማራጭ ሦስት፦ ለቤቱ ማሳወቅ፣ ለሥራው ደግሞ የተለየ የኃላፊነት መድን መግዛት

በዚህ አማራጭ የቤት መድን ሰጪው ሥራውን አውቆ በጽሑፍ ይቀበላል፤ ባለሙያው ደግሞ ሙያውን የሚመለከት ፖሊሲ ለብቻው ይገዛል። ለፀጉር ባለሙያ ይህ ከሁሉም ይልቅ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱን በዝርዝር ማየት ይገባል።

ብዙ የቋሚ ፀጉር ቀለሞች ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። አንዳንድ ሰው ቀለሙን ለዓመታት ያለ ችግር ሲቀባ ቆይቶ ድንገት አለርጂ ሊይዘው ይችላል፤ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ንጥረ ነገሩን መቃወም ይለምዳልና። ምልክቱም ወዲያው አይታይም። ደንበኛዋ ደስ ብሏት ሄዳ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ፊቷ አብጦ ሊነሳ ይችላል። የቀለም አምራቾች ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት ትንሽ ቀለም በቆዳ ላይ እንዲሞከር የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። ማለስለሻም የራሱ አደጋ አለው፦ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠራው ከተባለለት ደቂቃ በላይ ከቆየ የራስ ቆዳን ያቃጥላል።

ተራ የኃላፊነት ሽፋን ይህን አይከፍልም፤ «በተሰጠ አገልግሎት ወይም ሕክምና ምክንያት የደረሰ ጉዳት» ከሽፋኑ ውጭ ተደርጎ ይጻፋልና። የሚያስፈልገው የሙያ አገልግሎት ኃላፊነት የሚባለው ነው። እሱም ሲገዛ የሚሰጡት አገልግሎቶች አንድ በአንድ ይዘረዘሩ። ቀለም ተጽፎ ማለስለሻ ካልተጻፈ ማለስለሻው አልተሸፈነም፤ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት መትከልም እንዲሁ።

ይህ ፖሊሲ የሚጠይቃቸው ግዴታዎችም አሉ። የሥልጠና ማስረጃ፣ የአምራቹን መመሪያ መከተልና የቆዳ ሙከራው መዝገብ ይጠየቃሉ። መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የምርቱ ስም፣ ውጤቱና የደንበኛዋ ፊርማ ይኑር። ሙከራው ተደርጎ ካልተመዘገበ በካሳ ክርክር ላይ አልተደረገም ማለት ነው። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጠንቃቃ የሆነች ባለሙያ ማስታወሻ ደብተር ባለመያዟ ብቻ ስትረታ ማየት ያማል።

ሌላም ጥያቄ ይነሳ፦ ፖሊሲው የሚከፍለው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ውሉ ስለነበረ ነው ወይስ የካሳ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ስላለ? ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ሥራ ያቆመች ባለሙያ አረቦኑን ስታቋርጥ ባለፈው ዓመት ለሠራችው ፀጉርም ሽፋኗ ይቋረጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራ ካቆሙ በኋላ ለሚመጡ ጥያቄዎች የሚቀጥል ሽፋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለልብስ ሰፊ ይህ አማራጭ በራሱ አይበቃም። የስፌት ሥራ ደንበኛን የማቁሰል ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ልብስ ውስጥ የተረሳች ስፒል ልትወጋ ትችል ይሆናል። ትልቁ ኪሳራ መስቀያው ላይ የተንጠለጠለው የደንበኛ ልብስ ነው፤ እሱም በኃላፊነት ፖሊሲ ውስጥ እንደገና «በእጁ ያለ የሌላ ሰው ንብረት» ተብሎ ሊገለል ይችላል።

## አማራጭ አራት፦ በቤት ለሚሠራ ሥራ የተዘጋጀ ጥቅል ፖሊሲ

ይህ መሣሪያን፣ ክምችትን፣ ኃላፊነትንና የደንበኛን ንብረት በአንድ ውል ይይዛል። ከፈለጉ ደግሞ ከእሳት በኋላ ሥራ ሲቆም የሚጠፋውን ገቢ ይጨምራል። የቤት ፖሊሲ ቤቱ እስኪጠገን ሌላ ቦታ ለመኖር የሚያስፈልገውን ኪራይ ሊከፍል ይችላል፤ የቆመውን ሥራ ገቢ ግን አይከፍልም። አረቦኑ ከሌሎቹ የሚበልጠው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ልብስ ሰፊ እዚህ ሦስት ነገር ይመልከት። የመጀመሪያው በአደራ የተያዘ ንብረት ሽፋን መኖሩ ነው። ሁለተኛው ለአንድ ዕቃ የተቀመጠው ጣሪያ ነው፤ ጠቅላላው መጠን ትልቅ ሆኖ የአንዱ ጣሪያ ትንሽ ከሆነ የሙሽራ ቀሚስ አይተካም። ሦስተኛው «እየተሠራበት ያለ ንብረት» የሚለው ማግለያ ነው። በዚህ ማግለያ መሠረት ልብሱ መስቀያው ላይ ሳለ ቢቃጠል ይከፈላል፤ ካውያ ሥር ሳለ ቢቃጠል አይከፈልም። ማግለያው እንዲነሳ ወይም እንዲላላ መጠየቅ ይቻላል፤ ተጨማሪ አረቦን ቢያስከፍልም ለልብስ ሰፊ ተገቢ ወጪ ነው።

በመቀስ ተሳስቶ የተቆረጠን ጨርቅ፣ ልኩ የጠበበን ቀሚስ እንደገና የመስፋት ወጪ ግን የትኛውም አማራጭ አይሸፍንም። ያ የሥራ ጥራት ጉዳይ ነው፤ መድን አይደለም።

## በአንድ ሠንጠረዥ

| ጥያቄ | አንድ፦ እንዳለ መተው | ሁለት፦ ተጨማሪ ውል | ሦስት፦ የተለየ የኃላፊነት መድን | አራት፦ ጥቅል |
|---|---|---|---|---|
| የቤቱ ሽፋን ይጸናል? | አደጋ ላይ ነው | አዎ | አዎ፣ በጽሑፍ ከታወቀ | አዎ፣ በጽሑፍ ከታወቀ |
| የሥራ መሣሪያ | አይሸፈንም ወይም በጣም ትንሽ | እስከ ጣሪያው | ለብቻው ካልተጨመረ አይሸፈንም | ይሸፈናል |
| የደንበኛ ንብረት | አይሸፈንም | አልፎ አልፎ | ብዙ ጊዜ አይሸፈንም | ይሸፈናል፣ የአንድ ዕቃ ጣሪያ ይታይ |
| ተንሸራትቶ መውደቅ | አይሸፈንም | ጣሪያ ከተጻፈ ይሸፈናል | ይሸፈናል | ይሸፈናል |
| ከቀለም ወይም ከማለስለሻ ጉዳት | አይሸፈንም | አይሸፈንም | አገልግሎቱ ከተዘረዘረ ይሸፈናል | የሙያ ኃላፊነት ከተጨመረ |
| የቆመ ገቢ | የለም | የለም | የለም | ከተመረጠ |
| ወጪ | ምንም | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |

## አንድ እሳት በአራቱ አማራጮች

አንዲት ልብስ ሰፊ ማታ ካውያውን ሳትነቅል ወጣች እንበል። የካውያው ሰሌዳ ተቃጠለ፤ እሳቱ ከወለሉ ላይ የተከማቸውን የክር ብናኝና ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዞ መስቀያው ደረሰ። ሰባት የደንበኛ ቀሚሶች፣ አንድ የኢንዱስትሪ ስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክና የክፍሉ ጣሪያ ተቃጠሉ። ጭሱ ሳሎኑን አበላሸ።

መርማሪው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የኢንዱስትሪ መኪናውንና በስም የተለጠፉትን ቀሚሶች ነው። በአማራጭ አንድ «ቤቱ መኖሪያ ብቻ ነው» የሚለው መልስ እዚያው ይፈርሳል፤ የሳሎኑና የጣሪያው ካሳ ጭምር ሊቀነስ ወይም ሊከለከል ይችላል። በአማራጭ ሁለት ጣሪያውና ሳሎኑ ይከፈላሉ፤ መኪናዎቹ እስከተጻፈው የገንዘብ ጣሪያ ይተካሉ፤ ስለ ሰባቱ ቀሚሶች ግን ባለቤቶቻቸው ወደ ሰፊዋ ይመጣሉ። በአማራጭ ሦስት ቤቱ ይጠገናል፤ መኪናዎቹና ቀሚሶቹ ሳይከፈሉ ሊቀሩ ይችላሉ። በአማራጭ አራት ሁሉም ይከፈላሉ፤ የቀሚሶቹ ካሳ ግን በመረከቢያ መዝገቡ ልክ ነው። የደንበኛው ስም፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የተገመተው ዋጋና የተረከቡበት ቀን ተጽፎ ደንበኛው የፈረመበት ደረሰኝ፣ ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር፣ ከእሳቱ ውጭ ባለ ቦታ መቀመጥ አለበት። በስልክ ተነሥቶ ለራስ የተላከ ፎቶግራፍ ይበቃል።

## ለማን የትኛው

ደንበኛ ቤቷ የማይመጣ፣ ጥቂት ጨርቅ ብቻ የምትይዝ፣ የሰፋችውን ራሷ የምታደርስ ሰፊ በአማራጭ ሁለት ልትጀምር ትችላለች፤ የመድን መጠኑን ካሳደገች። ልብሱ በመንገድ ላይ ሳለ ቢጠፋ የቤት ፖሊሲው እንደማይከተለው ግን ታስብ።

የሙሽራ ልብስ ወይም ደንበኛው የገዛውን ውድ ጨርቅ የሚረከብ ሰፊ ግን በጀቱ ጠባብ ቢሆንም አማራጭ አራትን ይፈልግ። ወጪውን ለመቀነስ የገቢ ሽፋኑን ይተው፤ በራሱ የሚችለውን ትንሽ ጉዳት ራሱ እንዲሸከም ተስማምቶ አረቦኑን ያስቀንስ። የአደራ ንብረት ሽፋኑን ግን አይቀንስ።

የምታጥብና ሹሩባ የምትሠራ፣ ኬሚካል የማትነካ ባለሙያ የመውደቅ አደጋን በሚሸፍን አማራጭ ሁለት ልትቆይ ትችላለች፤ ካስክና ፒያስትራ ከተጠቀመች ግን ቃጠሎ አገልግሎት ተብሎ ከሽፋኑ እንደማይወጣ አስቀድማ ትጠይቅ። ቀለም ወይም ማለስለሻ በነካች ቀን ወደ አማራጭ ሦስት ትሂድ። ገንዘቧ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከመሣሪያው ሽፋን በፊት የሙያ ኃላፊነቱን ትግዛ፤ የጠፋ ካስክ ይገዛል፣ የተቃጠለ የራስ ቆዳ የሚያመጣው ካሳ ግን ቤት ሊያስሸጥ ይችላል።

ረዳት ወይም ተለማማጅ የያዘ ሁሉ፣ ሙያው የትኛውም ቢሆን፣ የሠራተኛ ጉዳት ሽፋን ለብቻው ይጠይቅ። የቤት ሠራተኛን የሚመለከተው የቤት ፖሊሲ አንቀጽ የስፌት ረዳትን አይመለከትም። ተከራይ የሆነ ደግሞ መጀመሪያ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ።

## ለመድን ሰጪው የሚላክ ደብዳቤ

በስልክ የተሰጠ «ችግር የለውም» በካሳ ቀን አይገኝም። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ አድርጎ መጻፍ ይሻላል፦

«በመኖሪያ ቤቴ አንድ ክፍል ውስጥ በክፍያ የስፌት (የፀጉር) ሥራ መሥራት ልጀምር ነው። በሳምንት ወደ 10 ደንበኞች በቀጠሮ ይመጣሉ፤ ሠራተኛ የለኝም። የምጠቀምባቸው መሣሪያዎችና ኬሚካሎች ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል። እባክዎ እነዚህን በጽሑፍ ይመልሱልኝ፦ የሕንጻውና የቤት ዕቃው ሽፋን እንደጸና ይቀጥላል? የሥራ መሣሪያዬ እስከ ስንት ይሸፈናል? በአደራ የያዝኩት የደንበኛ ንብረት እየተሠራበት ሳለም ይሸፈናል፣ የአንዱ ዕቃ ጣሪያስ ስንት ነው? ደንበኛ በቤቱ ወይም በሰጠሁት አገልግሎት ቢጎዳ የትኛው አንቀጽ ይከፍላል? ስርቆት በኃይል ሰብሮ በመግባት ብቻ ይወሰናል?»

መልሱ የአንቀጽ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ይዞ ከመጣ ከፖሊሲው ጋር አብሮ ይቀመጥ። «በፖሊሲው መሠረት» ብሎ ብቻ ከመለሰ ያልተመለሰውን ጥያቄ ለይቶ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት።